ተዋዋዩ ድምፁን ያጠፋ እንደሆነ ውል የሚሰረዝበት መንገድ

ሁለት ሰዎች ተዋውለው ሳለ አንደኛው ግዴታውን ሳይፈጽም ስልኩን ዘግቶ፣ ሱቁን ቆልፎ፣ ለደብዳቤም መልስ ሳይሰጥ የቀረ እንደሆነ፣ ሌላው ተዋዋይ በሁለት ነገሮች መካከል ተይዞ ይጨነቃል። አንደኛው፣ ውሉ ገና ጸንቶ የሚገኝ ስለሚመስለው ሥራውን ለሌላ ሰው ለመስጠት ይፈራል። ሁለተኛው፣ በትዕግሥት ቢጠብቅ ገንዘቡም ጊዜውም እየባከነበት ይሄዳል። ብዙ ሰው ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ውሉ ፈርሷል የሚል ወረቀት ይጻፍልኝ» ብሎ ይለምናል። ነገር ግን ውል በቀበሌ ወረቀት አይሰረዝም፤ በዝምታ ብቻም አይሞትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር መንገድ አበጅቶለታል። ከዚህ በታች የሚነገረውም ይህ መንገድ ነው።

ዝምታ እንቢታ አይደለም

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የተዋዋዩ ዝምታ በሕግ ፊት ምን ትርጉም እንዳለው ነው። ተዋዋዩ «ውሉን አልፈጽምም» ብሎ በግልጽ ቢናገር፣ በቁጥር 1789 እንደ ተጻፈው፣ ሌላው ወገን ውሉን ለመሰረዝ መንገድ ይከፈትለታል። እንዲሁም ባለዕዳው እንደማይፈጽም በጽሑፍ አስታውቆ እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደማያስፈልግ ቁጥር 1775 ይናገራል። ዝም ያለ ሰው ግን አልፈጽምም አላለም፤ እፈጽማለሁም አላለም። ታሞ ተኝቶ ይሆናል፤ ታስሮ ይሆናል፤ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ይሆናል፤ ወይም በእርግጥ ገንዘቡን ይዞ ተሰውሮ ይሆናል። ምክንያቱ ስላልታወቀ፣ ዝምታውን እንደ እንቢታ ቆጥሮ ወዲያውኑ «ውሉን ሰርዣለሁ» ማለት አደገኛ ነው። ያለ ጊዜው የሰረዘ ሰው በኋላ ራሱ ውል አፍራሽ ተብሎ ይከሰሳልና።

ስለዚህ ሕጉ ዝምታውን በአንድ መሣሪያ ይፈትነዋል፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 እንደ ተደነገገው፣ ተዋዋዩ ስላልፈጸመው ግዴታ መብቱን ለመጠየቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ባለዕዳውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት። ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ዝም ቢል፣ ያን ጊዜ ዝምታው ትርጉም ያገኛል። ከማስጠንቀቂያው በፊት ዝም ማለቱ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ከማስጠንቀቂያ በፊት የሚመረመሩ ሁለት ነገሮች

አንደኛው፣ የመፈጸሚያው ጊዜ ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ጊዜው ያልደረሰ ግዴታ እንዲፈጸም ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደማይቻል ቁጥር 1773 ይናገራል። በውሉ ላይ ቀን ተቆርጦ እንደሆነ፣ ያ ቀን እስኪያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀን ያልተቆረጠ እንደሆነ ግን አንደኛው ተዋዋይ እንዲፈጸም በጠየቀ ጊዜ ግዴታው ይደርሳል። ጥያቄው ራሱ በጽሑፍ ቢሆን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር አያከራክርም።

ሁለተኛው፣ ጠያቂው የራሱን ግዴታ ፈጽሟል ወይ የሚለው ነው። በውሉ መሠረት ከርክክቡ በፊት ሁለተኛ ክፍያ መክፈል የነበረበት ሰው ሳይከፍል ቆይቶ «ሠራተኛው ጠፋ» ቢል፣ ሠራተኛው ተመልሶ «እኔ የቀረሁት ገንዘብ ስላልተሰጠኝ ነው» ሊል ይችላል። የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ያላሳየ ሰው ሌላውን «ፈጽም» ለማለት እንደማይችል ቁጥር 1757 ያስተምራል። ስለዚህ ጠያቂው አስቀድሞ የራሱን እጅ መመልከት አለበት፤ የሚከፍለው ያለበት እንደሆነም፣ ገንዘቡ ዝግጁ መሆኑን በማስጠንቀቂያው ላይ መግለጽ ይገባዋል።

ማስጠንቀቂያው እንዴት ይጻፋል?

ሕጉ ማስጠንቀቂያ በአንድ በተወሰነ ፎርም እንዲሰጥ አያስገድድም። ጠያቂው ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ ማናቸውም ነገር ይበቃል። ይሁን እንጂ በቃል የተነገረ ማስጠንቀቂያ በኋላ «አልሰማሁም» ሲባል ረዳት ስለማይኖረው በጽሑፍ መሆኑ ይሻላል። ተዋዋዮቹ በውላቸው ውስጥ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበትን መንገድ ወስነው እንደሆነ ደግሞ ያንኑ መከተል ግድ ነው።

የማስጠንቀቂያው ጉልበት ያለው በሚሰጠው ቀነ ገደብ ላይ ነው። በቁጥር 1774 መሠረት ጠያቂው በማስጠንቀቂያው ላይ የጊዜ ገደብ ወስኖ፣ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የውሉን መፈጸም እንደማይቀበል ለማስታወቅ ይችላል። ይህም ጊዜ እንደ ነገሩ ዓይነትና ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በአስቸኳይ እንድትፈጽም አስጠነቅቃለሁ» ተብሎ ቀን ሳይቆረጥ የተላከ ደብዳቤ ባለዕዳውን ጥፋተኛ ያደርገው ይሆናል እንጂ፣ ላኪው በራሱ ቃል ውሉን ለመሰረዝ የሚያስችለውን ሥልጣን አይሰጠውም። ቀኑ ተቆርጦ፣ ከዚያ ቀን በኋላ እንደማይቀበል ተነግሮ፣ ቀኑም አልፎ እንደሆነ ግን፣ በቁጥር 1787 መሠረት ጠያቂው ዳኛ ሳያስፈልገው ውሉ መሰረዙን ለመግለጽ ይችላል።

ቀነ ገደቡ ምን ያህል ይሁን ለሚለው ጥያቄ ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። የሚመዘነው ለሥራው በሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ለማስረከብ ጥቂት ቀን ሊበቃ ይችላል፤ ገና ተቆርጦ፣ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ለሚያልቅ ሥራ ግን የሦስት ቀን ገደብ መስጠት ባለዕዳውን ለማጥመድ እንጂ ለማስጠንቀቅ አይመስልም። ያልተገኘ ሰው ከሆነም፣ ወሬው እንዲደርሰው ጥቂት ቀን መጨመር ተገቢ ነው።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት አንድ የታወቀ ሁኔታ አለ። ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልሆነ በቀር ሊፈጸም የማይችል ሆኖ ያ ጊዜ ያለፈ እንደሆነ፣ ማስጠንቀቅ ከንቱ ነው። ለጥር 12 ቀን ሠርግ ድንኳን እተክላለሁ ብሎ የተዋዋለ ሰው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቢመጣ ለማንም አይጠቅምም። እንዲሁም ተዋዋዮቹ «ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ባለዕዳው ጥፋተኛ ይሆናል» ብለው አስቀድመው የተስማሙ እንደሆነ ስምምነታቸው ይጸናል።

ያልተገኘን ሰው ማስጠንቀቅ

ሰውዬው ከሌለ ማስጠንቀቂያው ለማን ይሰጣል የሚለው ነገር የብዙዎች ጭንቀት ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ነገር ጠያቂው ማስጠንቀቂያውን ለማድረስ በቅን ልቡና የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉንና ይህንንም ለማስረዳት መቻሉን ማረጋገጥ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ከመያዝ ይልቅ ሦስቱን አንድነት መጠቀም ይሻላል።

መጀመሪያ፣ ደብዳቤው በውሉ ላይ ወደ ተጻፈው አድራሻ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላካል፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝም ይጠበቃል። ደብዳቤው «ተቀባዩ አልተገኘም» ተብሎ የተመለሰ እንደሆነ ፖስታውን መክፈት አይገባም። እንደ ታሸገ ማስቀመጥ ነው፤ ታሽጎ የተመለሰ ፖስታ መላኩንም አለመገኘቱንም ይመሰክራልና። ቀጥሎ፣ የደብዳቤው ግልባጭ በመኖሪያ ቤቱ ለሚገኝ ለአካለ መጠን የደረሰ ቤተ ሰቡ፣ ቤቱ የተዘጋ እንደሆነም በሥራ ቦታው በር ላይ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይለጠፋል። ምስክሮቹ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ይፈርማሉ። በመጨረሻም፣ ሰውዬው ይጠቀምበት በነበረው ስልክ መልእክቱ በጽሑፍ ይላክለታል። መልእክቱም ከስልኩ አይጥፋ።

የቀበሌ ሹማምንት ሊረዱ የሚችሉትም በዚህ ላይ ነው። ሹሙ ያየውንና የሚያውቀውን ነገር፣ ማለት «ይህ ሰው ከዚህ ቀን ጀምሮ በተመዘገበበት ቤት አልተገኘም፤ ሱቁም ተዘግቶ ታይቷል» ብሎ ለመመስከር ይችላል። «ውሉ ፈርሷል» ወይም «ጥፋተኛው እርሱ ነው» ብሎ ከጻፈ ግን ሥልጣኑን አልፏል፤ ወረቀቱም ባለጉዳዩን አሳስቶ ለክስ ይዳርገዋል። እንዲሁም ሹሙ የተዘጋውን ሱቅ ሰብረው ዕቃ እንዲያወጡ መፍቀድ የለበትም። እንዲህ ባለው ጉዳይ የባለዕዳው ንብረት የሚያዘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

አንድ ምሳሌ

አንዲት የቤት ባለቤት ለአዲስ ቤቷ 8 የብረት መስኮቶችና 3 በሮች እንዲሠራላት ከአንድ በያጅ ጋር ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ተዋዋለች እንበል። የአንዱ መስኮት ዋጋ 15,000 ብር፣ የአንዱ በር ዋጋ 20,000 ብር ሆኖ፣ ጠቅላላው 180,000 ብር ነው። ግማሹን፣ ማለት 90,000 ብር ቅድሚያ ከፈለች። ቀሪው ሥራው ሲያልቅ እንዲከፈል፣ ሥራውም እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲያልቅ ተስማሙ። በያጁ በነሐሴ ወር 3 መስኮቶች አስረክቦ ከዚያ በኋላ ጠፋ። ስልኩ አይሠራም፤ ሱቁም ተዘግቷል።

ባለቤቷ በመስከረም አጋማሽ ብትሰርዘው ኖሮ ቀኑ ገና ስላልደረሰ ጥፋቱ የእርስዋ በሆነ ነበር። እርስዋ ግን ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ጥቅምት 5 ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፤

«ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በተዋዋልነው መሠረት እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ማስረከብ ከሚገባዎ 8 መስኮቶችና 3 በሮች መካከል ያስረከቡት 3 መስኮቶችን ብቻ ነው። ቀሪዎቹን 5 መስኮቶችና 3 በሮች እስከ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ እንዲያስረክቡኝ አስጠነቅቅዎታለሁ። ቀሪው ክፍያ በርክክቡ ጊዜ ለመከፈል ዝግጁ ነው። ይህ ቀን ካለፈ በኋላ ሥራውን የማልቀበል መሆኔንና ውሉን የምሰርዝ መሆኔን አስታውቃለሁ።»

ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ላከች፤ ግልባጩን በሱቁ በር ላይ በሁለት ምስክሮች ፊት ለጠፈች፤ በስልክም ላከችለት። 20 ቀን አለፈ፤ መልስ ግን አልመጣም። ጥቅምት 26 ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች። ይህ ደብዳቤ አጭር ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ማለፉንና ውሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰረዙን ብቻ ይናገራል። ይህንንም እንደ መጀመሪያው በሦስቱም መንገድ አደረሰች። ይህን ሁለተኛ ደብዳቤ ብዙ ሰዎች ይዘነጉታል። ቀኑ ማለፉ ብቻ ውሉን አይሰርዘውም፤ ጠያቂው ለመሰረዝ መብት ያገኛል እንጂ። መብቱን መጠቀሙን መግለጽ አለበት። ዝም ብሎ ከቆየና በያጁ ከወር በኋላ መስኮቶቹን ተሸክሞ ከመጣ፣ ውሉ መቼ እንዳበቃ ለመናገር ያስቸግራል።

ከዚህ በኋላ ባለቤቷ የተረከበችውንና ያልተረከበችውን በምስክሮች ፊት አስመዝግባ ፎቶግራፍ አስነሣች፤ ከሦስት ሌሎች በያጆችም ዋጋ ጠየቀች። ዝቅተኛውን ዋጋ ከሰጣት ጋር ተዋዋለች። የአንዱ መስኮት ዋጋ 18,000 ብር፣ የአንዱ በር 24,000 ብር ሆኖ፣ ለ5 መስኮቶች 90,000 ብር፣ ለ3 በሮች 72,000 ብር፣ በጠቅላላው 162,000 ብር ከፈለች።

ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። ለመጀመሪያው በያጅ ከከፈለችው 90,000 ብር ላይ የ3 መስኮቶች ዋጋ 45,000 ብር ተቀንሶ፣ 45,000 ብር ሊመለስላት ይገባል። ቀሪው ሥራ በቀድሞው ዋጋ ቢሠራ 135,000 ብር ይፈጅ ነበር፤ አሁን 162,000 ብር ስለ ፈጀ፣ የ27,000 ብር ልዩነት ኪሣራ ደርሶባታል። ስለዚህ የምትጠይቀው 72,000 ብር ነው። ሒሳቡ ትክክል መሆኑም በሌላ መንገድ ይታያል፤ በጠቅላላው 252,000 ብር አውጥታለች፤ ውሉ ቢፈጸም ኖሮ የምታወጣው 180,000 ብር ነበር።

ባለቤቷ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጧ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ እንዳለበት ቁጥር 1802 ያዝዛል። በብረቱ በር ፈንታ በጣም የከበረ በር አሠርታ ልዩነቱን ብትጠይቅ ወይም ቤቱን ያለ በር ለአንድ ዓመት ትታ የኪራይ ኪሣራ ብታስብ፣ ዳኛው ከጥያቄዋ ይቀንስባታል።

በፍርድ ቤት ፊት

በራስ ቃል መሰረዝ ውሉን ያበቃል እንጂ ገንዘቡን አያስመልስም። ገንዘቡ የሚመለሰው በፍርድ ነው። ማስጠንቀቂያው ቀነ ገደብ ያልነበረው እንደሆነ ወይም ነገሩ አከራካሪ የሆነ እንደሆነም፣ መሰረዙ ራሱ በቁጥር 1784 መሠረት ከፍርድ ቤት ይጠየቃል። ዳኛው የሁለቱንም ወገን ጥቅምና ቅን ልቡናን ይመለከታል። የተጣሰው የውሉ ዋና ነገር ካልሆነም ውሉን እንደማይሰርዝ ቁጥር 1785 ይናገራል። በያጁ ሁሉን አስረክቦ የአንድ መስኮት ቁልፍ ብቻ ሳይገጥም ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ የቁልፉን ዋጋ መጠየቅ እንጂ ውሉን መሰረዝ አይገባም ነበር።

ተከሳሹ አልተገኘም ተብሎ ክስ አይቀርም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ መጥሪያ በተለመደው መንገድ ሊሰጥ አለመቻሉን ፍርድ ቤቱ የተረዳው እንደሆነ፣ በፍርድ ቤቱ ሰሌዳና ተከሳሹ በመጨረሻ ይኖርበት ወይም ይሠራበት በነበረው ቤት ላይ እንዲለጠፍ ወይም በሌላ መንገድ እንዲነገር ለማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶታል። የተመለሰው የሪኮማንዴ ፖስታና የቀበሌው ምስክርነት የሚጠቅሙትም በዚህ ጊዜ ነው። ተከሳሹ ቀርቶ በሌለበት ከተፈረደበት በኋላ መጥቶ፣ መጥሪያው በደንብ አለመድረሱን ወይም በበቂ ምክንያት አለመቅረቡን ቢያስረዳ፣ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ለማመልከት ይችላል። የሰውየውን አዲስ አድራሻ እያወቀ «የት እንዳለ አይታወቅም» ብሎ የሚያመለክት ከሳሽ ያገኘው ፍርድ በዚህ መንገድ ሊፈርስበት ይችላል።

ጠፊው ምክንያት ያለው እንደሆነ

ውልን መሰረዝና ኪሣራ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በያጁ ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ ሊያስበው በማይችል ከአቅም በላይ በሆነ ነገር ፈጽሞ መታገዱን ቢያስረዳ፣ በቁጥር 1791 መሠረት ከኪሣራው ሊድን ይችላል። ይህም ማለት የ27,000 ብሩ ልዩነት ይቀርለታል ማለት ነው። ነገር ግን ባለቤቷ በሥርዓቱ የሰረዘችው ውል ተመልሶ አይነሣም፤ ሳይሠራበት የቀረው የ45,000 ብር ቅድሚያ ክፍያም የእርሱ ገንዘብ አይሆንም። በውሉ ላይ የተጻፈው ቃል «ቅድሚያ ክፍያ» ሳይሆን «ቀብድ» እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀብድ በቁጥር 1883 እና በተከታዮቹ የራሱ ደንብ አለውና፣ ሁለቱን ቃላት ማደባለቅ አይገባም።

እንዲሁም ሰውዬው ሞቶ እንደሆነ ማስጠንቀቂያውም ክሱም ወደ ወራሾቹ ይዞራል። ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው በፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥበት የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። ይህ ሥርዓት ግን ለሰውየው ንብረትና ለቤተ ሰቡ ጉዳይ የተደነገገ ስለሆነ፣ ውልን ለመሰረዝ ሁለት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የተደረገ ውል ደግሞ የአስተዳደር ውል የሆነ እንደሆነ ከዚህ የተለየ ደንብ ይመራዋል።

የወደፊት ውል ሲጻፍ፣ ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያድኑ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የእያንዳንዱ ተዋዋይ አድራሻ ተጽፎ «ወደዚህ አድራሻ የተላከ ማስታወቂያ እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ አድራሻውን የለወጠም በጽሑፍ ያስታውቃል» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የማስረከቢያው ቀን ካለፈ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ባለዕዳው ጥፋተኛ እንደሚሆን የሚናገር ነው። ሦስተኛው፣ ስንት ቀን ቢዘገይ ሌላው ወገን ውሉን ለመሰረዝ እንደሚችል በቁጥር ለይቶ የሚወስን ነው፤ እንዲህ ያለውን ስምምነት ቁጥር 1786 ይቀበለዋል። እነዚህ ሦስቱ የተጻፉበት ውል የያዘ ሰው፣ ተዋዋዩ ድምፁን ቢያጠፋበት፣ የሚቀረው ቀኑን ቆጥሮ አንድ ደብዳቤ በሪኮማንዴ መላክ ብቻ ነው።